የጋቢና ምክር

ደባርቅ ላይ ሳይጠሩ የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ነፋስና ምክር። ለነፋሱስ መላ አለ። በር ይዘጋል፣ ጋቢ ይደረባል፣ ቢብስ ጓዳ ይገባል። ለምክር ግን እስካሁን መዝጊያ የሚገጥም አናጢ አልተገኘም። ቢገኝም መዝጊያውን እየገጠመ መምከሩ አይቀርም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከመናኸሪያው ማዶ ናት። ሥራዬ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ነው፤ እኔ ደግሞ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። አንድ እጅጌ ሰፍቼ በር ላይ ወጥቼ መንገዱን ካላየሁ መርፌው አይሄድልኝም። ደንበኞቼ ለምደውኛል። ሱሪያቸው ሲዘገይ «መንገድ ላይ ነው» ይላሉ፤ ሱሪውን ሳይሆን እኔን ማለታቸው ነው።

አሁን የማወራችሁ ግን ስለ አዛናው ነው። አዛናው አብሮ አደጌ ነው። ከደባርቅ ዳባት ሚኒባስ ይነዳል። ልቡ ሰፊ ነው፤ እኔን ራሴን ሲያመኝ እሱ ክኒን ይውጣል። ሠርጌ ሲደርስ አንደኛ ሚዜዬ እሱ እንደሆነ ገና ሙሽራ ሳላገኝ ነው የተስማማነው። ሙሽራዋም ከጊዜ በኋላ ተገኘች። ስመኝ ትባላለች፤ ዳባት አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ቁጥብ ናት። መድኃኒት ስትሰጥ እንኳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው፣ የአንዱ ሕመም ለሌላው እንዳይሰማ። አዛናው ደግሞ ድምፁን ዝቅ ማድረግ የሚችለው የሚኒባሱን ራዲዮ ብቻ ነው። ያንንም ዝቅ የሚያደርገው ለመምከር ነው።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስመኝን ለማየት ወደ ዳባት እወርዳለሁ። ቦታዬ ጋቢና ነው፣ ከአዛናው ጎን። ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ይጀምረኛል።

«ትናንት ተደዋወላችሁ?»

«ተደዋወልን።»

«ማን ቀድሞ ደወለ?»

«እኔ።»

«አይ አንተ።» መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ይመክረኛል። «ስማኝ፣ ሴት ልጅ ስልክ ስትጠብቅ ነው የምትወድህ። አንድ ሳምንት ዝም በላት።»

በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ይጠይቀኛል። «አንድ ሳምንት ሙሉ ዝም አልካት? ምን ነካህ? ሰው እጮኛውን ሳምንት ዝም ይላል?»

«አንተ እኮ ነህ ያልከኝ» ስለው «እኔ ሳምንት ስልህ ሁለት ሦስት ቀን ማለቴ ነው፤ ይህን ማስተዋል ነበረብህ» ይለኛል። ስለ ስጦታው ይመክረኛል፣ ስለ አባቷ ይመክረኛል፣ ስንጋባ ደባርቅ እንኑር ዳባት እንኑር ይመክረኛል። አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። እንዴት ነህ ካለኝ «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ እሱ ከዚያ «ደህና» ውስጥ ችግር ፈልጎ ያወጣል።

ይህ በሁለታችን መካከል ቢቀር እንኳ ጥሩ ነበር። ሚኒባስ ግን ግድግዳ የለውም። አንድ እሑድ ነጭ ሽንኩርት የጫኑ እናት ከኋላችን ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆዩና አንገታቸውን በወንበራችን መሐል አሾልከው «ልጅቱ የማን ልጅ ናት?» አሉ። አዛናው ነገራቸው። ከጃናሞራ የመጣ አንድ ሰውዬ «በእኛ አገር አባቷን ደስ ያሰኘ አይቸገርም» አለ። ከእሱ ጎን የተቀመጠች ልጅ ደግሞ «አባቷን ሊያገባ ነው እንዴ?» አለችው። መሐል መንገድ ላይ ያለችው ወቅን ስንደርስ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ግማሹ ለስመኝ ያደላል፣ ግማሹ ለእኔ። ዳባት ላይ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ከወረደ በኋላ ተመልሶ በመስኮቱ «እኔ ግን ብትተዋት ይሻልሃል ባይ ነኝ» ብሎኝ ሄደ።

እኔ ምን አደረግሁ? ሳቅሁ። ጓደኛን ማስቀየም እሳት መጨበጥ ነው የሚመስለኝ።

ነገሩ የፈነዳው ስመኝ ራሷ ወደ ደባርቅ የመጣች ቀን ነው። ለቀሚሷ ልኬት ልወስድላት ነበር። ሌላ መኪና አጥታ በአዛናው ሚኒባስ ተሳፈረች። አዛናውም ደስ ብሎት «አንቺም እኮ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ደውዪለት፣ ልጁ በሐሳብ ሱሪ ማበላሸት ጀምሯል» አላት። ይሄኔ ባለ ነጭ ሽንኩርቷ እናት፣ በየትኛው ዕድሌ እንደሆነ አላውቅም፣ እዚያው ነበሩ። አገጯን ያዝ አድርገው ፊቷን ወደ ብርሃን አዞሩና «ያቺ አንቺ ነሽ?» አሏት።

ሱቄ ስትገባ ፊቷ ቀልቷል። ልኬት ልወስድ ሜትሬን ሳነሣ «አስቀምጠው» አለችኝ።

«ያቺ ነሽ ተባልኩ» አለች። «ከደባርቅ እስከ ዳባት ያለ መንገደኛ ሁሉ ያውቀኛል። አንተን ማኩረፌን እንኳ መንገደኛ ይቆጥረዋል።»

«አዛናው እኮ ለክፉ አስቦ አይደለም።»

«አውቃለሁ። አዛናውን አልጠላውም፣ ያንተ ወንድም የእኔም ወንድም ነው። ግን የምኖረው ካንተ ጋር ነው እንጂ ከነተሳፋሪው አይደለም። የምትልከው ሽማግሌ አባቴ ቤት ከመግባቱ በፊት ለአዛናው ንገረው። መንገር ካልቻልክ ሽማግሌውን አትላክ።»

ይህን ያለችው እንደ ልማዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ስመኝ ድምፅዋ ዝቅ ሲል ነገሩ ከፍ ያለ እንደሆነ አውቃለሁ። እሷን ላጣ ነው፤ አለዚያ አዛናውን ላጣ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ከበር ወደ ስፌት መኪናዬ፣ ከስፌት መኪናዬ ወደ በር። አንዱን ሱሪ ሁለቱን እግር አያይዤ ሰፋሁትና ባለቤቱ ለብሶት ሊራመድ ሲል ግድግዳዬን ደግፎ ቆመ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ዘዴ ተረት ነው። እኛ ጨዋ ሆነን ነው ያደግነው፤ ጨዋ ሰው ደግሞ ፊት ለፊት አይናገርም ተብለናል። አዛናው ሱቄ መጥቶ ጎን ለጎን ቆመን መንገዱን ስናይ «አባቶች ‹ያልተጠራ መካሪ ከጎርፍ አይሻልም› ይላሉ» አልኩት። አባቶች እንዲህ አላሉም፤ ያን ጠዋት እኔ የፈጠርኩት ነው። አዛናው ራሱን ነቀነቀ።

«እውነት ነው» አለ። «የዘንድሮ ሰው ሳይጠየቅ ይመክራል። እኔ እሱን ስለማልወድ ነው ካንተ በቀር ማንንም የማልመክረው።» ከዚያ የሠርጉን ድንኳን የት ብንተክል እንደሚሻል ነገረኝ።

ሁለተኛው ዘዴ መሸሽ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ገብስ በጫነ አይሱዙ ላይ ከጆንያው ጋር ተሳፈርኩ። ትንሽ እንደሄድን ከኋላችን የማውቀው ጥሩንባ ተሰማ። አዛናው አይሱዙውን ቀድሞ መንገድ ዘጋና ወረደ። እጄን ይዞ ከጆንያው ላይ አወረደኝ፤ ጋቢናው ውስጥ አስቀመጠኝና ገብሱን ከጀርባዬ እያራገፈ «ተጣላችሁ አይደል?» አለኝ። «ሰው ሲጨንቀው ነው ገብስ ላይ የሚወጣው። ንገረኝ።» ተሳፋሪዎቹም «ንገረው፣ ይቅለልህ» አሉኝ።

ሦስተኛው ዘዴ ግን ከሁሉ የከፋው ነው። ሽማግሌ ላክሁበት።

ወደ ስመኝ አባት እንዲሄዱልኝ የለመንኳቸው ሁለት አባቶች ነበሩ። አንዱ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩት መሪጌታ ናቸው፤ ሌላው ጨርቅ የምገዛቸው ነጋዴ ሐጅ ሰይድ። ለልጅቱ አባት ከመሄዳቸው በፊት አዛናውን ቢያነጋግሩልኝ፣ ምክሩን እንዲተወኝ ቢለምኑልኝ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። መሪጌታ አንገራገሩ፣ ሐጅ ሰይድ ግን «ልጅ ከጨነቀው ምን ይደረግ» አሉ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያ ሲሻገሩ በሬ ላይ ቆሜ አያለሁ።

ሚኒባሱ በር ላይ ደርሰው ቆሙ።

«አባቶቼ፣ ግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው» አላቸው አዛናው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ። የሽማግሌ ወግ ነው፤ ለጉዳይ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም።

«መንገድ ላይ እሰማችኋለሁ፣ ሰው ሞልቷል» አለና አዛናው አንዳቸውን በብብታቸው፣ አንዳቸውን በክንዳቸው ደግፎ ጋቢና ጫናቸው። ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ሽማግሌዎቼ ወደ ዳባት ሲወሰዱ አየሁ።

ዳባት ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት። ሁለት ነጭ የለበሱ አዛውንት ከደባርቅ መኪና ሲወርዱ ያየ ሁሉ ለስመኝ አባት «ሽማግሌዎቹ መጡልህ» ብሎ ሮጠ። ሰውየው ጥጃ ከግቢ አስወጡ፣ አግዳሚ አስጠረጉ፣ ኮታቸውን ደረቡና በሩን ፊት ለፊት እያዩ ተቀመጡ። የእኔ ሽማግሌዎች እዚያው መኪና መቆሚያው ጋ ነጭ ሽንኩርት ገዝተው፣ አዛናው ሲመለስ አብረው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ስመኝ ደወለች። «አባቴ ሲጠብቅ ዋለ። ምሳም አልቀመሰ። ለማን ነው የመጡት?»

«ለአዛናው።»

«ለአዛናው ሽማግሌ ላክህ?»

«አዎ።»

«ልታገባው ነው?»

መሳቋ ይሁን ማልቀሷ ሳይገባኝ ስልኩ ተዘጋ።

ሽማግሌዎቹ ሱቄ ገቡ። ሐጅ ሰይድ ነጭ ሽንኩርታቸውን አስቀምጠው «ልጁን ሰማነው» አሉ። «ወርቅ ልጅ ነው። ደግሞ የመከረህ አብዛኛው ልክ ነው።»

መሪጌታ ግን አዩኝ። «ሽማግሌ የሚገባው አፍ በዘጉ ሰዎች መካከል ነው። ያ ልጅ አፉን ዘግቶ ያውቃል? ‹ወዳጅህ ምክሩን እንድትተወው ነግሮህ ነበር ወይ?› ብንለው ‹ኧረ ምንም አላለኝም› አለ። ነግረኸዋል?»

«በተረት ነግሬው ነበር፣ መሪጌታ።»

«እኔ ዕድሜዬን ሰምና ወርቅ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ወዳጅን ግን በሰም ብቻ፣ በግልጹ ነው የሚያናግሩት። ሂድና በገዛ አፍህ ንገረው፣ ሰው በሌለበት። መጀመሪያ እንደምትወደው። ከዚያ የማትፈልገውን፣ ከዚያ የምትፈልገውን። ከዚያ ዝም በል። ነገር የሚያበዛ ሰው ለክርክር በር ይከፍታል።» እንዲህ ብለው ከጨረሱ በኋላ ሁለቱም ወንበር ሳቡና «እግረ መንገዳችንን ስለ ልጅቱም አንድ ሁለት ነገር እንበልህ» አሉ። እስኪመሽ ሲሉኝ ቆዩ።

እሑድ ደረሰ። ጋቢና ገባሁ። አዛናው ሰላምታዬን ተቀበለና ሞተሩን አስነሣ። ስለ ስልክ አልጠየቀኝም። ራዲዮውንም ዝቅ አላደረገም። ከደባርቅ ወጣን፣ ዝም። ነፋሱ ብቻ በመስኮቱ ይጮኻል። ምክሩ ያቃጠለኝ ሰው ዝምታው ደግሞ ይበልጥ አቃጠለኝ፤ እግሬን ማሳረፊያ አጣሁ። ባለ ነጭ ሽንኩርቷ እናት አንገታቸውን አሾልከው «ዛሬ ምን ሆናችሁ? ልጅቱ ታመመች?» አሉ።

ወቅን ላይ አንዱ ጎማ ረገብ ብሎ ነበርና ሊያስነፋው ቆመ። ተሳፋሪው ሻይ ሊጠጣ ገባ። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ሚኒባሱን ዞርኩት፣ ደግሜ ዞርኩት። ለስፌት መኪናዬ ሳምንቱን ሙሉ የተናገርኩት ንግግር ከአፌ ጠፋ።

«ሽማግሌ ላክህብኝ» አለ አዛናው ጎማውን እያየ። «በእኔ ላይ።»

«አጥፍቻለሁ። ራሴ መናገር ነበረብኝ። አሁን ልንገርህ?»

«ንገረኝ።»

«አንተ ወንድሜ ነህ። የምትመክረኝም ወደኸኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ስለ እኔና ስለ ስመኝ፣ ሳልጠይቅህ አትምከረኝ። ሰው ፊት ደግሞ ስሟን አታንሣ። ምክር ስፈልግ መጥቼ እጠይቅሃለሁ።»

ዝም ለማለት ምላሴን ነከስኩ። ከዚህ በላይ ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

«እኔ ለአንተ ብዬ እኮ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። አሁንም ለእኔ ብለህ ተው።»

«ያን ጊዜ አባቷ ሲያማቸው ሂድና ጠይቃቸው ብዬህ አልጠቀመህም?»

ጠቅሞኝ ነበር። ሳምንት ዝም በላት ያለኝን ልጠቅስበት አፌ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። «ልክ ነበርክ አልነበርክም ብዬ አልከራከርህም። ምክርህ ሁሉ ልክ ቢሆንም እንኳ የእኛ ነገር በእኛ መካከል እንዲሆን ነው የምፈልገው።»

«ስመኝ ናት የላከችህ።»

«ስመኝ ከፍቷታል፣ አልዋሽህም። የምለምንህ ግን እኔ ነኝ።»

ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገው።

«ስትጋቡ ዳባት ልትገባ ነው። እሑድ ጋቢናው ባዶ ሊሆን ነው። በነገርህ ውስጥ እጄን ካላስገባሁ ምን ቀርቶኝ ካንተ ጋር አወራለሁ ብዬ ነው» አለ።

እኔ ይህን አልጠበቅሁም። «ስለ ጎማ ንገረኝ» አልኩት። «ስለ መንገዱ፣ ስለ ተሳፋሪው ንገረኝ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ይከፋኝና አወራልህ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መፍትሔ አልፈልግም፣ ስማኝ ብቻ። ዳባት ብገባም እኔ አንተን አልፈልግህም አልልም።»

«ካመለጠኝስ? አፌን ታውቀዋለህ።»

«‹መንገዱን እይ› እልሃለሁ።»

«እሺ» አለ። እጁን ሰጠኝ፣ ቅባት ነበረው፤ ከእሑድ ሸሚዜ እጅጌ ላይ እስካሁን አልለቀቀም።

ገና ከወቅን ሳንርቅ «ግን እኮ ቀለበቱን…» ብሎ ጀመረ። «መንገዱን እይ» አልኩት። መንገዱን አየ። ባለ ነጭ ሽንኩርቷ እናት በበኩላቸው «ቀለበቱንስ ትልቅ አድርገው» ሲሉ አዛናው በመስታወቱ አያቸውና በትሕትና «እናቴ፣ አልጠየቀዎትም» አላቸው። እኔ ያን ቀን ከዚህ በላይ ደስ ያለኝ ነገር የለም።

ዳባት ስደርስ «ነገርኩት» አልኳት ስመኝን። እንዴት እንደነገርኩት አንድ በአንድ አስደገመችኝ። ከዚያ «እንግዲያው ሽማግሌዎቹን ላክ» አለች። «አሁን ግን አባቴ ቤት ድረስ ይምጡ።»

ላክኋቸው። የወሰዳቸው አዛናው ነው። ጠያቂው ራሱ አብሮ አይሄድም፤ ሱቄ ቀረሁ። ያን ቀን ምን እንደሰፋሁ አላስታውስም፤ አንድ ኮት ሦስት እጅጌ እንዳወጣ ግን በኋላ ተነገረኝ። ነፋሱ በሩን በመታ ቁጥር ወጣሁ። አባትየው በዚያ በከንቱ በጠበቁበት ቀን ተቀይመው እንቢ ቢሉስ? ስመኝ ስልክ አታነሣም። ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱ ገባ። አዛናው ሽማግሌዎቹን ቤታቸው አድርሷቸው ነበርና ብቻውን ወደ ሱቄ መጣ። ፊቱ ምንም አይናገርም።

ተቀመጠ። «መንገዱ ጭጋግ ነበር» አለ።

«እህ?»

«ፊተኛው ጎማ አሁንም አላማረኝም። ከበየዳ የመጣ አንድ ተሳፋሪ ደግሞ በግ ይዞ ገብቶ…»

«አዛናው።»

«አቤት።»

«ምን አሉ?»

«ስለ ምኑ?» አለ። እውነቱን ነው፤ ፊቱ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። ሳልጠይቀው ስለ ስመኝ ቃል እንዳይወጣው አፉን ገጥሞ ከዳባት እስከ ደባርቅ ነድቷል። አዛናው፣ ያ አዛናው። ለካ ለእኔ መናገሩ የከበደኝን ያህል ለእሱ ዝም ማለቱ ከብዶት ነበር።

«ጠየቅሁህ» አልኩት። «ስለ ስመኝ ጠየቅሁህ። በፈጠረህ።»

«እሺ ብለዋል» አለ። «አባትየው እሺ ብለዋል። ሠርጉም ለፋሲካ ማግሥት ሆኗል።» ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ የእኔም። ከዚያ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። «ከዚህ በላይ አልጠየቅከኝም» ብሎ ወጣ።

ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ መንገድ ላይ ተከትዬው ሮጥኩ። መናኸሪያው ፊት ለፊት ክንዱን ይዤ አቆምኩትና፣ የደባርቅ ነፋስ ሁለታችንንም እየገፋን፣ የትከሻውን ልኬት መውሰድ ጀመርኩ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ።

«አንደኛ ሚዜ ምን ዓይነት ኮት ይልበስ?» አልኩት። «ምከረኝ።»